ብሪጅ፦ ጨረታውን በምን እንክፈት? ነጥብና ርዝመት ቆጥሮ የመጀመሪያውን ጥሪ መምረጥ

በአንድ የክረምት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ባለ በረንዳ ላይ፣ አራት ሰዎች ተራ በተራ «አልፋለሁ» ብለን ካርታችንን ጣልን። በቤት ውስጥ ብሪጅ አራቱም ካለፉ ያ እጅ ይሰረዛል፤ ማንም ምንም አያገኝም፤ ካርታው እንደገና ይበወዛል። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ካርታው ከመበወዙ በፊት የአራታችንንም ገልብጠው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔና አንተ አሥር ዙር የምንበላበትን እጅ እኮ ነው የጣልነው!» አሉኝ። ቆጠራቸው ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ አሥራ አንድ ነበር።

በመጀመሪያ የማለፍ ወይም የመክፈት ዕድል የነበራቸው እርሳቸው ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ይህ ነው፦

ስፔድ፦ አስ፣ ንግሥት፣ 10፣ 7፣ 4
ልብ፦ አስ፣ ጃክ፣ 9፣ 6፣ 3
ዳይመንድ፦ 8፣ 2
አበባ፦ 5

«አሥራ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ አለፍኩ» አሉ። ቆጠራቸው ልክ ነው። ስሕተቱ ቆጠራውን እዚያው ላይ ማቆማቸው ነበር። ይህ መመሪያ ስለዚያች የመጀመሪያ ውሳኔ ነው፤ 13 ካርታ በእጅዎ ይዘው፣ ማንም ገና ሳይናገር፣ ልክፈት ወይስ ልለፍ፣ ከከፈትኩስ በምን ብለው የሚወስኑባት።

መጀመሪያ ጥቂት ቃላት እንግባባ። ብሪጅ በ52 ካርታ፣ ሁለት ለሁለት ተጣምሮ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ጆከር የለውም። አራቱ ሰዎች አንድ አንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ዙር ይባላል፤ ትልቁን የጣለ ዙሩን ይበላል። ስለዚህ በአንድ እጅ 13 ዙር አለ። ከጨዋታው በፊት ግን ጨረታ አለ፤ «ከተጣማሪዬ ጋር ይህን ያህል ዙር እንበላለን፤ ገዢውም ምልክት ይህ ይሁን» ብሎ የሚጫረቱበት ነው። ገዢ ምልክት ማለት ሌሎቹን ሦስት ምልክቶች የሚመታ ነው፤ የገዢው 2 እንኳ የሌላውን አስ ይበላል። «ያለ ገዢ» ብሎ መጥራትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ምልክት እኩል ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 6 ዙሮች በጥሪው ውስጥ አይቆጠሩም። ስለዚህ «አንድ ስፔድ» ያለ ሰው ሰባት ዙር ቃል ገብቷል፤ «አራት ስፔድ» ያለ ደግሞ አሥር።

ምልክቶቹ በጨረታ ላይ ማዕረግ አላቸው። ከታች ወደ ላይ አበባ፣ ዳይመንድ፣ ልብ፣ ስፔድ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ያለ ገዢ ይቀመጣል። አበባ የምለው በብሪጅ መጻሕፍት ክለብ የሚባለውን ጥቁሩን ባለ ሦስት ቅጠል ነው። ስፔድና ልብን ከፍተኛ፣ ዳይመንድና አበባን ዝቅተኛ ምልክቶች እላቸዋለሁ። ይህ ልዩነት የማዕረግ ብቻ አይደለም፤ በከፍተኛዎቹ ትልቁን የጨዋታ ሽልማት ለማግኘት አሥር ዙር ሲበቃ በዝቅተኛዎቹ አሥራ አንድ ያስፈልጋል። አጠራራችን ሁሉ ወደ ስፔድና ወደ ልብ የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ፦ ደርድረው ርዝመቱን ይቁጠሩ

ካርታዎን ሲያነሱ በምልክት ይደርድሩ፤ ጥቁርና ቀይ እያፈራረቁ ቢሆን ልብንና ዳይመንድን ከመቀላቀል ይድናሉ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ካርታ በሚያነሳበት በረንዳ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ነጥብ ከመቁጠርዎ በፊት የእያንዳንዱን ምልክት ርዝመት ይቁጠሩ። የመምህርቷ እጅ 5፣ 5፣ 2፣ 1 ነው። ድምሩ 13 ካልመጣ አንድ ካርታ ከሌላው ኋላ ተደብቋል፣ ወይም ዕደላው ተበላሽቷል፤ ያኔውኑ ይናገሩ።

ርዝመቱን አስቀድሜ አስቆጥራለሁ፤ ምክንያት አለኝ። ጀማሪ ዓይኑ ወዲያው ሥዕል ወዳላቸው ካርታዎች ይሮጣል። ነጥቡን አንዴ ከደመረ በኋላ የእጁን ቅርጽ አያየውም።

ሁለት፦ የክብር ካርታዎችን ነጥብ ይደምሩ

አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ያወጣሉ። በአንድ ምልክት 10፣ በአራቱ ምልክቶች 40 ነጥብ አለ ማለት ነው። ይህን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ያስፋፋው ሚልተን ወርክ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እስከ ዛሬም ዓለም የሚቆጥረው በዚሁ ነው።

40 ነጥብ ለአራት ሰው ሲካፈል 10 ይደርሳል፤ 10 ነጥብ ያለው እጅ መካከለኛ እጅ ነው። በሌላ በኩል ሁለት ተጣማሪዎች አሥር ዙር በስፔድ ወይም በልብ፣ ወይም ዘጠኝ ዙር ያለ ገዢ ለመብላት በሁለቱ እጅ 25 ወይም 26 ያህል ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። መክፈቻ እጅ 13 አካባቢ የተባለው ከዚህ ነው፤ ከመካከለኛው በአንድ ንጉሥ ይበልጣል፤ ሁለት መክፈቻ እጆች ሲገናኙም 26 ይሆናሉ። «እኔ ከፍቻለሁ፣ ተጣማሪዬም መክፈት የሚችልበት እጅ አለው» ካሉ ወደ ትልቁ ሽልማት መሄድ አለባችሁ ማለት ነው።

የመምህርቷን እጅ እንደምር። ስፔድ ላይ አስና ንግሥት 6፣ ልብ ላይ አስና ጃክ 5፤ ዳይመንድና አበባ ነጥብ የላቸውም። 11 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብቻውን የቆመ ንጉሥ፣ ማለትም በዚያ ምልክት ሌላ ካርታ የሌለው፣ በወረቀት 3 ነጥብ ነው፤ ተቃራኒው አሱን ሲመታ ግን ያለ አማራጭ ይወድቃል። ብቻዋን የቆመች ንግሥትም ሆነች ብቻውን ያለ ጃክ ከዚያ የባሱ ናቸው። ከእንዲህ ዓይነቱ ካርታ ቢያንስ አንድ ነጥብ ይቀንሱ።

ሦስት፦ ለረጅም ምልክት ይጨምሩ

አምስት ካርታ ላለው ምልክት 1፣ ስድስት ካርታ ላለው 2፣ ሰባት ላለው 3 ነጥብ ይጨምሩ። በሌላ አነጋገር ከአራት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ካርታ አንድ አንድ። የመምህርቷ እጅ ሁለት ባለ አምስት ምልክት ስላለው 11 የነበረው 13 ይሆናል። ይከፈታል።

ደንቡን መሸምደድ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን ካላወቁት ግን በሚያጠራጥር እጅ ላይ ይከዳዎታል። አምስት ስፔድ ይዘዋል እንበል። የቀሩት ስምንት ስፔዶች በሦስት ሰዎች እጅ ተበትነዋል። ሦስት ሦስትና ሁለት ሆነው ቢካፈሉ፣ ስፔድ ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ ከእርስዎ በቀር ስፔድ ያለው ሰው የለም። የቀሩዎት ሁለት ስፔዶች 7 እና 4 ቢሆኑም የሚመታቸው ስፔድ የለምና ዙር ይበላሉ። ትንሹ ካርታ የሚያድገው በዙሪያው ያሉት ሲያልቁ ነው። አራት አራት ሦስትና ሁለት በሆነ እጅ ውስጥ ይህ ዕድገት በጣም ትንሽ ነው፤ አምስትና ስድስት ባለበት ግን እንደ አስ ዋጋ ያለው ዙር ከምንም ይወለዳል።

ብዙዎች ምንም ካርታ ስለሌለው ባዶ ምልክትና አንድ ብቻ ስላለው ነጠላ ምልክት ይጠይቁኛል፤ አበባ አንድ ብቻ ስላለኝ አልጨምርም ወይ? ገና አይጨምሩ። አንድ አበባ ያለው ሰው በአበባ ሁለተኛ ዙር ላይ አበባ ስላለቀበት በገዢ ምልክት መትቶ ዙሩን ሊበላ፣ ማለትም ሊቆርጥ፣ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገዢው ምን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። ተጣማሪዎ ያሉት ካርታዎች በሙሉ አበባና ዳይመንድ ቢሆኑስ? ያን ጊዜ የእርስዎ ነጠላ ችግር እንጂ ሀብት አይደለም። የማጠር ነጥብ የሚጨመረው የጋራ ገዢ ምልክት ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ካርታ ብቻ ላለው ጥንድ 1፣ ለነጠላ 2፣ ለባዶ 3 ይሰጣል። ከመክፈቻው በፊት ርዝመቱንም ማጠሩንም አንድ ላይ የሚደምር ሰው ያንኑ ሀብት ሁለት ጊዜ ቆጥሯል። ይህን ስሕተት መለየት ቀላል ነው፤ እንዲህ የሚቆጥር ሰው በከፈተ ቁጥር ተጣማሪው ከፍ አድርጎ ይጠራና ሁለት ዙር ጎድሎባቸው ይወድቃሉ።

አራት፦ ልክፈት ወይስ ልለፍ?

ድምሩ 13 ከደረሰ ይክፈቱ፤ 11 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በአንድ ደረጃ፣ ማለትም «አንድ ስፔድ» በመሰለ ጥሪ፣ አይክፈቱ። ክርክር ያለው 12 አካባቢ ነው። ለዚህ ድንበር ማርቲ በርገን የተባለው አሜሪካዊ ተጫዋች ያስፋፋት አንዲት ማረጋገጫ አለች፤ «የሃያ ደንብ» ትባላለች። የክብር ነጥብዎን ይውሰዱ፤ የሁለቱን ረጃጅም ምልክቶች ርዝመት ይጨምሩበት፤ 20 ከሞላ ይክፈቱ። የመምህርቷ እጅ 11 ሲደመር 5 ሲደመር 5፣ 21 ነው።

አሁን ይህን ሌላ እጅ ይመልከቱ። ከዚያ ቅዳሜ ቀደም ብሎ እኔው ራሴ ከፍቼው ያፈርኩበት ነው፦

ስፔድ፦ ንግሥት፣ ጃክ፣ 3
ልብ፦ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 4
ዳይመንድ፦ ንግሥት፣ 7፣ 5፣ 2
አበባ፦ ንግሥት፣ ጃክ፣ 6

የክብር ነጥቡ 3፣ 4፣ 2፣ 3 ሲደመር 12 ነው፤ ከመምህርቷ በአንድ ይበልጣል። ርዝመት ግን ምንም የሚጨምር የለውም። በሃያ ደንብ 12 ሲደመር 4 ሲደመር 3፣ 19 ብቻ። ከቁጥሩ ባሻገር ካርታውን ራሱን ይዩት፤ አንድም አስ የለም። ከአንድ ንጉሥ በቀር ያለው ሁሉ ንግሥትና ጃክ ነው፤ እነርሱም በአራት ምልክት ተበታትነው ተቀምጠዋል። ንግሥትና ጃክ ዙር የሚበሉት አስና ንጉሥ ከወጡ በኋላ ነው። ተቃራኒዎቹ ደግሞ የራሳቸውን አስና ንጉሥ መትተው፣ ረጅም ምልክታቸውን አውጥተው እስኪጨርሱ የእኔ ንግሥቶች ተራ ሲጠብቁ ከመጣል በቀር ሥራ አልነበራቸውም። 4፣ 3፣ 2፣ 1 የሚለው አቆጣጠር አሱን በጥቂቱ ዋጋ ያሳንሰዋል፤ ንግሥትንና ጃክን ያስወድዳል። ስለዚህ በድንበር ላይ ሲቆሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አስ አለኝ ወይ? ትልልቅ ካርታዎቼስ በረጃጅም ምልክቶቼ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል ወይ? የመምህርቷ እጅ ለሁለቱም አዎን ይላል፤ የእኔው ለሁለቱም አይደለም።

ስለዚህ 12 ያለው ያልፋል፣ 11 ያለው ይከፍታል። ይህን ስነግራቸው እርሳቸው፣ አርባ ዓመት ያህል ሒሳብ ያስተማሩ ሴት፣ «ታዲያ ቁጥር ለምን አስተማርከን?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ቁጥሩ ግን መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም።

አምስት፦ በምን እንክፈት?

በመጀመሪያ እጁ የተመጣጠነ መሆኑን ይመልከቱ። የተመጣጠነ የሚባለው ባዶም ነጠላም የሌለው፣ ጥንድ ቢኖረው ከአንድ የማይበልጥ ነው፤ ቅርጹም 4-3-3-3፣ 4-4-3-2 ወይም 5-3-3-2 ነው። እንዲህ ያለ እጅ 15፣ 16 ወይም 17 የክብር ነጥብ ካለው «አንድ ያለ ገዢ» ብለው ይክፈቱ። ይህ ከጥሪዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ነው፤ በአንድ ቃል ቅርጽዎንም ኃይልዎንም ለተጣማሪዎ ነገሩት። ድንበሩ ግን ስምምነት ነው። በእንግሊዝ አገር ከ12 እስከ 14 ባለው የሚከፍቱ ብዙ ናቸው። አዲስ ሰው በጠረጴዛው ሲቀመጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ እርስዎ 16 ሲሉት እርሱ 13 ብሎ ከሰማ ምንም ያህል ቆጠራ አያድናችሁም።

የተመጣጠነ ሆኖ 20 ወይም 21 ያለው በሁለት ያለ ገዢ ይከፈታል። 22 እና ከዚያ በላይ ያለው ለየት ባለ ጥሪ፣ በሁለት አበባ ነው፤ ያ ጥሪ ስለ አበባ ምንም አይናገርም። እነዚህ በወር አንዴ የሚመጡ እንግዶች ስለሆኑ አልዘገይባቸውም።

የቀረው ሁሉ በአንድ ደረጃ፣ በምልክት ይከፈታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አምስት ወይም ከዚያ በላይ ስፔድ ወይም ልብ ካለዎት በእርሱ ይክፈቱ። አምስት ካርታ ያለው ከፍተኛ ምልክት ከሌለዎት ከዳይመንድና ከአበባ በረዘመው ይክፈቱ። ሁለቱ እኩል ሆነው አራት አራት ከሆኑ በዳይመንድ፣ ሦስት ሦስት ከሆኑ በአበባ።

ጀማሪ የሚያምፀው እዚህ ላይ ነው። አብረውን የሚጫወቱት የመድኃኒት ባለሙያ አንድ ቀን ይህ እጅ መጣላቸው፦

ስፔድ፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 8፣ 5
ልብ፦ አስ፣ ጃክ፣ 6፣ 2
ዳይመንድ፦ ንጉሥ፣ 9፣ 4
አበባ፦ 10፣ 3

ነጥቡ 13 ነው። ከአንድ መቶ እጅ 22 ያህሉ ቅርጻቸው እንዲህ 4-4-3-2 ነውና ይህን ጥያቄ በየቅዳሜው ያገኙታል። «አራት ስፔድ እያለኝ በሦስት ዳይመንድ ልዋሽ ነው ወይ?» አሉ። ውሸት የሚሆነው ስፔድ ቢሉ ነበር። «አንድ ስፔድ» ማለት በጠረጴዛችን «አምስት አለኝ» ማለት ነው፤ ተጣማሪ በሦስት ስፔድ ብቻ «ስምንት ሆነናል» ብሎ ከፍ ያደርግዎታል፤ ከ13ቱ ስፔድ ሰባት ብቻ ይዛችሁ ተቃራኒዎቻችሁ ስድስት ይዘው ትቀመጣላችሁ። «አንድ ዳይመንድ» ግን ተጣማሪው አራት ልብ ወይም አራት ስፔድ ካለው በአንድ ደረጃ ገና እንዲጠራው በሩን ይከፍታል። «አንድ ልብ» ካለ እርስዎም አራት አለዎትና «ሁለት ልብ» ይላሉ፤ «አንድ ስፔድ» ካለ «ሁለት ስፔድ»። በየትኛውም መንገድ ስምንት የጋራ ገዢ ካርታ አገኛችሁ። የዚህ መክፈቻ ዳይመንድ የሚቀመጡበት ቤት አይደለም፤ የሚያልፉበት ደጃፍ ነው።

ስድስት፦ ሁለተኛውን ጥሪ ከመጀመሪያው በፊት ያስቡ

ሁለት ባለ አምስት ምልክት ካለ ከፍ ካለው ማዕረግ ይጀምራሉ። መምህርቷ «አንድ ስፔድ» ማለት ነበረባቸው፤ ልቡን በኋላ ያመጡታል። ምክንያቱን በጥሪው መንገድ እንከተለው። በስፔድ ከፍተው ተጣማሪ «አንድ ያለ ገዢ» ቢላቸው «ሁለት ልብ» ይላሉ። ተጣማሪው ልብ ቢመርጥ ያልፋል፤ ስፔድ ቢመርጥ «ሁለት ስፔድ» ብሎ በዚያው በሁለት ደረጃ ይመለሳል። አሁን ግልባጩን ይሞክሩት። በልብ ከፍተው «ሁለት ስፔድ» ቢያስከትሉ፣ ልብን የሚመርጠው ተጣማሪ «ሦስት ልብ» ለማለት ይገደዳል፤ ዘጠኝ ዙር! በ11 ነጥብ እጅ ተጣማሪን ወደ ሦስተኛ ደረጃ መግፋት ልግስና አይደለም። በዚህም የተነሳ በዝቅተኛው ከፍቶ ከፍ ያለውን በሁለት ደረጃ መጥራት በብሪጅ ቋንቋ «17 አካባቢ አለኝ» ማለት ሆኖ ተለምዷል።

ስለዚህ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት ተጣማሪዎ ሊመልሳቸው የሚችላቸውን ሁለት ሦስት መልሶች በልብዎ ይበሉና ለእያንዳንዱ ምን እንደሚመልሱ ይወስኑ። መልስ ያጡበት ካለ መክፈቻውን እንደገና ያስቡበት።

የዚያ ቅዳሜ እጅ፣ ከጥሪው እስከ መጨረሻው ዙር

እርሳቸው ቢከፍቱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ተጣማሪያቸው እኔ ነበርኩ፤ የያዝኩትም ይህን ነበር፦

ስፔድ፦ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 6
ልብ፦ ንጉሥ፣ 4
ዳይመንድ፦ አስ፣ 9፣ 7፣ 5
አበባ፦ 9፣ 7፣ 4፣ 2

እርሳቸው «አንድ ስፔድ» ሲሉ አምስት ስፔድ እንዳላቸው ሰማሁ፤ የእኔ ሦስት ሲጨመር ስምንት። ገዢው ተገኘ፤ ስለዚህ አሁን የማጠር ነጥብ መቁጠር ተፈቀደልኝ። 11 የክብር ነጥብ አለኝ፤ ለልብ ጥንዴ 1 ጨምሬ 12። «ሦስት ስፔድ» እላለሁ፤ ይህ ጥሪ «ከ10 እስከ 12 አለኝ፤ ትንሽ ትርፍ ካለህ ወደ አራት ሂድ» የሚል ግብዣ ነው። እርሳቸውም በተራቸው እንደገና ይቆጥራሉ። የክብር ነጥባቸው 11፣ ለነጠላው አበባ 2፣ ለዳይመንዱ ጥንድ 1፣ ድምር 14። የእኔ ዝቅተኛው 10፣ ከፍተኛው 12፤ በጥምር ከ24 እስከ 26። በድንበር ላይ ነው፤ ነገር ግን ሁለት አስ አላቸው፣ ካርታቸውም በሁለት ረጃጅም ምልክት ተሰብስቧል። «አራት ስፔድ»።

ቡና እየተቀዳ ካርታውን ገልብጠን ተጫወትነው። ተቃራኒዎቹ የቀረውን 18 ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ተካፍለው ነበር። ከመምህርቷ በስተግራ ያሉት የመድኃኒት ባለሙያ የአበባ አስ መትተው አንድ ዙር በሉ፤ የአበባ ንጉሥ ሲያስከትሉ መምህርቷ በስፔድ 4 ቆረጡት። ነጠላዋ 5 እዚህ ላይ ሥራዋን ሠራች። ከዚያ ልብ 3 ወደ እኔ ንጉሥ፣ ቀጥሎ ልብ 4 ወደ እርሳቸው አስ። ሦስተኛውን ልብ ሲመቱ እኔ ልብ አልቆብኛልና በስፔድ ጃክ ቆረጥኩ። አንድ አበባ ከእኔ ተመታ፤ እርሳቸው በስፔድ 7 ቆረጡት። አራተኛውን ልብ ሲመቱ እኔ በስፔድ ንጉሥ ቆረጥኩ። አሁን የተቃራኒ ልብ በሙሉ ወጥቷል፤ አራት ይዘው የነበሩት የመድኃኒት ባለሙያ የመጨረሻ ልባቸው ንግሥቷ ነበረች፤ እርሷም ወደቀች። የመምህርቷ አምስተኛ ልብ ጃኩ ብቻውን ቆመ።

የቀረው ቀላል ነው። ከእኔ ስፔድ 6 ወጣ፤ እርሳቸው በአስ፣ በንግሥትና በ10 የተቃራኒን ገዢ በሦስት ዙር ጨርሰው ወሰዱ። የልብ ጃክ አንድ ዙር፣ የእኔ ዳይመንድ አስ አንድ ዙር። የጠፋው የመጀመሪያው አበባና የመጨረሻው ዳይመንድ ብቻ ነው፤ 11 ዙር ተበላ። በሁለቱ እጅ የነበረው የክብር ነጥብ 22 ነው፤ ከ40ው ግማሹን ትንሽ ያለፈ። ቀሪውን ዙር የሠሩት አምስተኛው ልብ፣ ነጠላው አበባና ጥንዱ ልብ ናቸው።

በተለየ ስርጭት ይህ ውል ሊወድቅ ይችል ነበር። አራት የተቃራኒ ስፔዶች በአንድ ሰው እጅ ቢገኙ ገዢውን በሦስት ዙር መጨረስ አይቻልም፤ የክብር ነጥብ ቆጠራም ይህን አስቀድሞ አያሳይም።

ወንበርዎም ይቆጠራል

እስካሁን የተናገርኩት ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ተናጋሪ ነው። ሁለት ሰዎች ካለፉ በኋላ፣ በሦስተኛ ወንበር፣ ተጣማሪዎ መክፈቻ እንደሌለው ስለሚያውቁ ጥሩ ባለ አምስት ምልክት ካለዎት በ10 ወይም በ11 ነጥብም መክፈት ተገቢ ነው። ቢያንስ ተቃራኒዎችዎ ውሉን ቢወስዱ ተጣማሪዎ የትኛውን ምልክት መምታት እንዳለበት ያውቃል። በአራተኛ ወንበር ሦስቱ ካለፉ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል፤ ካለፉ እጁ ይሰረዛልና መክፈት የሚያዋጣው ጨረታውን የሚያሸንፉ ከመሰለዎት ነው። ስፔድ ያለው ወገን ደረጃ ሳይጨምር ሌሎቹን ምልክቶች በልጦ መጥራት ይችላል። ስለዚህ በዚያ ወንበር የክብር ነጥብዎንና የስፔድዎን ብዛት ይደምሩ፤ 15 ከሞላ ይክፈቱ፤ ካልሞላ ይለፉ።

መምህርቷ ይህን የሦስተኛ ወንበር ነገር ከሰሙ ወዲህ ክርክሩን አዙረውብኛል። «እኔ ካለፍኩ በኋላ ሦስተኛ ተናጋሪ አንተ ነበርክ፤ 11 ነጥብ ይዘህ ለምን ዝም አልክ?» ይሉኛል። ረጅሙ ምልክቴ አስ፣ 9፣ 7፣ 5 የሆነ ባለ አራት ዳይመንድ መሆኑን፣ አራት ብቻ መሆኑን፣ ከአሱ በታችም ተጣማሪ ይመታው ዘንድ የምመኘው ምንም ካርታ እንደሌለው አስረድቻቸዋለሁ። የሃያ ደንብም 11 ሲደመር 4 ሲደመር 4 ብሎ 19 ላይ ይቆማል። እርሳቸው ግን ሦስተኛውን ቡና እየቀዱ «ቢሆንም» ይላሉ፤ ከዚያም ካርታውን ይበውዛሉ።